ደላላው ውጭ አገር ነው፤ ማን ይይዘዋል? በሰው ንግድ ላይ አገሮች እንዴት ይተባበራሉ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጥያቄዎቹ በጅማና በዙሪያዋ፣ ልጅ በሊቢያ ወይም በየመን መንገድ ከወጣባቸው ቤቶች ደጋግመው የሚነሱ ናቸው። ዓመታቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ የአገራችን አዋጆችና የወንጀል ሕጉ ብቻ በእኛው ተጽፈዋል።

«አሳልፎ መስጠት» እና «የሕግ ትብብር» አንድ ናቸው?

አይደሉም። አሳልፎ መስጠት ሰውዬውን ማስረከብ ነው። አንድ አገር የሚፈልገው ተጠርጣሪ ወይም የተፈረደበት ሰው ሌላ አገር ይገኛል። ያ አገር ይይዘውና በፍርድ ቤት ሂደት ያስረክባል። የሕግ ትብብር ደግሞ ሰው ሳይሆን ማስረጃ ነው የሚያንቀሳቅሰው። የባንክ ሒሳብ ዝርዝር፣ የስልክ መዝገብ፣ የምስክር ቃል፣ የቤት ብርበራ፣ የገንዘብ እገዳ፣ ይህ ሁሉ በሕግ ትብብር ይጠየቃል።

ቤተሰብ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ስለ መጀመሪያው ነው። «ያዙልን፣ አምጡልን» ይላል። ሥራው ግን ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከሁለተኛው ነው። ማስረጃ ሳይኖር የተያዘ ሰው ወይ ይለቀቃል፣ ወይ ጉዳዩ ሲጓተት ይከርማል።

አገራችን ከዚያኛው አገር ጋር ስምምነት ከሌላትስ?

የሁለትዮሽ ስምምነት ባይኖርም በሩ አይዘጋም። እ.ኤ.አ. በ2000 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት ድንበር ተሻጋሪ የተደራጁ ወንጀሎች ስምምነት አለ። ብዙ ሰው የፓሌርሞ ስምምነት ይለዋል። በሰው መነገድን የሚመለከት ፕሮቶኮል፣ ስደተኛን በሕገወጥ መንገድ ማሻገርን የሚመለከት ሌላ ፕሮቶኮልም ተያይዘውለታል። ኢትዮጵያ ዋናውን ስምምነት በ2007፣ ሁለቱን ፕሮቶኮሎች በ2012 ተቀብላለች።

የዋናው ስምምነት አንቀጽ 16 ስለ አሳልፎ መስጠት፣ አንቀጽ 18 ስለ ሕግ ትብብር ነው። «ስምምነት ከሌለ አሳልፌ አልሰጥም» የሚል አገር ይህንኑ ስምምነት እንደ መነሻ ሊጠቀምበት ይችላል። «ይችላል» መባሉን ግን ልብ በሉ። ግዴታ አልተደረገበትም፣ ለእያንዳንዱ አገር የተተወ ነው። በሕግ ትብብር በኩል ስምምነቱ ጠንከር ይላል። ለምሳሌ የባንክ ምስጢር ነው ብሎ እምቢ ማለት አይፈቀድም።

እኛ ሰቃ ጨቆርሳ ቁጭ ብለን ያመለከትነው ነገር ውጭ አገር የሚደርሰው በምን መንገድ ነው?

አንድ ጉዳይ እንውሰድ። የምናብ ቢሆንም ነገሩ የተለመደ ነው። የ19 ዓመት ልጅ ከሰቃ ጨቆርሳ ወጥቶ በሱዳን በኩል ሊቢያ ገባ። ከዚያ በኢሞ ተደወለ፣ ልጁ እየተመታ ያለቅሳል። ከጀርባ ያለው ሰው ለቤተሰቡ የአገር ውስጥ ባንክ ሒሳብ ቁጥር ይልካል። አባት የቡናውን ገንዘብና የበሬውን ዋጋ ደምረው ጅማ ከተማ ወርደው ያስገባሉ። በሁለተኛው ጥሪ ደግሞ ቀሪው ገንዘብ ዱባይ ላለ ሰው በሀዋላ እንዲላክ ይታዘዛሉ። አሁን ወንጀሉ ኢትዮጵያ፣ ሱዳን፣ ሊቢያና ኤምሬቶች ውስጥ ተበታትኗል ማለት ነው።

ቤተሰቡ ለወረዳ ፖሊስ ያመለክታል። ቃሉ በአፋን ኦሮሞ ይመዘገባል፣ የሥራ ቋንቋው ነውና። መርማሪው የአገር ውስጡን ሒሳብ ባለቤት በአገር ውስጥ ሥልጣኑ ይደርስበታል፣ ለዚህ የማንም አገር ፈቃድ አያስፈልግም። የዱባዩ ሰው ላይ ሲደርስ ግን የወረዳም የዞንም ክንድ ያጥራል። መዝገቡ በዐቃቤ ሕግ በኩል ወደ ፌዴራል ይሄዳል። የፓሌርሞ ስምምነት እያንዳንዱ አገር ጥያቄ የሚልክና የሚቀበል «ማዕከላዊ ባለሥልጣን» እንዲሰይም ያዛል። በኛ አገር ይህን ሥራ የሚሠራው ፍትሕ ሚኒስቴር ነው። ደብዳቤው ከዚያ ተነሥቶ ወደ ተጠያቂው አገር አቻ መሥሪያ ቤት ይሄዳል፣ ያ አገር ከፈለገም በኤምባሲ በኩል ያልፋል።

ደብዳቤው ውስጥ ምን መኖር እንዳለበት አንቀጽ 18 ቆጥሮ አስቀምጧል። ማን እየመረመረ እንደሆነ፣ የድርጊቱ አጭር ታሪክ፣ ምን ዓይነት እርዳታ እንደሚፈለግ፣ የሰውዬው ማንነትና ዜግነት ከታወቀ እሱ፣ ማስረጃው ለምን እንደተፈለገ ይጻፋል። ጥሩ ጥያቄ እንዲህ ይነበባል፦ «በዚህ ቀን፣ በዚህ ስልክ ቁጥር አማካይነት፣ ይህን ያህል ገንዘብ ለተቀበለው ሰው የተላከበትን የሀዋላ መዝገብና የተቀባዩን የመታወቂያ ቅጂ ላኩልን፤ ሰነዱ እውነተኛ መሆኑ በባለሥልጣን ይረጋገጥ።» መጥፎው ደግሞ «ስለ እገሌ ያላችሁን መረጃ ሁሉ ላኩልን» የሚለው ነው። እንዲህ ያለው ጥያቄ ተጨማሪ ማብራሪያ ተጠይቆበት ይመለሳል። ምልልሱ ብቻውን ወራት ይበላል።

ሌላው የሚያጓትተው ትርጉም ነው። ከአፋን ኦሮሞ ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ወይም ዓረብኛ ይተረጎማል። መንገድ ላይ ስም ይቀየራል። አንዱ ጋ «አብዱ»፣ ሌላው ጋ «አብዲ» ከተጻፈ የባንክ ፍለጋው ባዶ ይወጣል። ቀንም እንዲሁ ነው። ደረሰኙ በኛ አቆጣጠር የተጻፈ ከሆነና ተርጓሚው ሳይቀይረው ካለፈ፣ የዱባዩ መርማሪ ከሰባት ወይም ከስምንት ዓመት በፊት የተላከ ገንዘብ ሲፈልግ ይውላል።

ታዲያ ቤተሰብ ከመጀመሪያው ቀን ምን መያዝ አለበት?

የባንክ ደረሰኙን አትጣሉ። ስሙን፣ የሒሳብ ቁጥሩን፣ ቀኑንና ቅርንጫፉን በአንድ ወረቀት ይነግራችኋል። የደወለበት ቁጥር፣ የድምፅ መልእክቱና ቪዲዮው ከስልኩ ሳይጠፉ ይቀመጡ። ዘመድ ጋ አስተላልፋችሁ ዋናውን ማጥፋት ጉዳት አለው፣ የመጀመሪያው የደረሰበት ስልክና ሰዓት ራሱ ማስረጃ ነውና። ቪዲዮው ለማየት ይከብዳል፣ እናት ስልኩ ላይ እንዲቀመጥ አትፈልግም። ያኔ ስልኩን ራሱን ፖሊስ ጋ ይዞ ሄዶ ማስመዝገብ ይሻላል።

ቶሎ ማመልከትም ልዩነት ያመጣል። የስልክና የኢንተርኔት ድርጅቶች መዝገብ ለዘላለም አያስቀምጡም። ብዙ ሰው «ልጁ ይውጣ እንጂ» ብሎ እስኪለቀቅ ይጠብቃል። ፍርሃቱ ይገባል፣ ማንም አይፈርድም። ግን ከዓመት በኋላ የመጣ አቤቱታ የሚጠይቀው መዝገብ ላይገኝ ይችላል።

ኢንተርፖል «ቀይ ማስታወቂያ» አውጥቶበታል ከተባለ ለምን አልተያዘም?

ቀይ ማስታወቂያ የእስር ትእዛዝ አይደለም። «ይህን ሰው አግኙልን፣ የአሳልፎ መስጠት ጥያቄ እስክንልክ በጊዜያዊነት ያዙልን» የሚል ለአባል አገሮች የሚበተን ጥያቄ ነው። የኢንተርፖል ፖሊስ የሚባል ሄዶ የሚያስር ኃይል የለም። የሚይዘው የየአገሩ ፖሊስ ነው፣ ማስታወቂያውን ምን ያህል እንደሚያከብርም የዚያ አገር ሕግ ይወስናል።

ከተያዘ በኋላም ሰዓቱ መቁጠር ይጀምራል። የተባበሩት መንግሥታት ለአገሮች ሞዴል እንዲሆን ያዘጋጀው የአሳልፎ መስጠት ስምምነት 40 ቀን ይሰጣል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ጠያቂው አገር ሙሉ ሰነዱን ካላቀረበ ሰውዬው ይለቀቃል። የየአገሩ ቁጥር ይለያያል፣ ሐሳቡ ግን ያው ነው። የተተረጎመና የተዘጋጀ ፋይል ሳይኖረው «ያዙልኝ» ያለ አገር በቀነ ገደቡ ይያዛል።

ሰው አሻጋሪው ኪዳነ ኢትዮጵያ ውስጥ ዕድሜ ልክ ተፈርዶበት ሳለ ሲያዝ ለምን ለእኛ አልተሰጠም?

ይህን ጥያቄ በተለይ የሊቢያን መንገድ ያዩ ልጆች ይጠይቁታል፣ ስደተኞች የሚታገቱባትን የሊቢያ ከተማ ባኒ ዋሊድን ያውቋታልና። ኤርትራዊው ኪዳነ ዘካሪያስ ሀብተማርያም ባኒ ዋሊድ ውስጥ ስደተኞችን አግቶ በማሠቃየትና ገንዘብ በመቀበል ተከሰሰ። በ2020 አዲስ አበባ ውስጥ ተያዘ። ያስያዘው ምንም የረቀቀ ቴክኖሎጂ አልነበረም፣ በእጁ ያለፈ ልጅ መንገድ ላይ አይቶ ለይቶት ነው። በየካቲት 2021 ግን ለችሎት በቀረበበት አመለጠ። ፍርድ ቤቱ በሌለበት ዕድሜ ልክ ፈረደበት።

እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 2023 ሱዳን ውስጥ ተያዘ። ዘመቻውን የመሩት ኤምሬቶች ነበሩ፣ ኢንተርፖልም ነበረበት። የኤምሬቶች ፖሊስ የደረሰበት የገንዘቡን እግር ተከትሎ ነው። ኢትዮጵያም ኔዘርላንድስም እየፈለጉት ሳለ፣ በገንዘብ ማጠብ ወንጀል ተጠርጥሮ ወደ ኤምሬቶች ተወሰደ።

ሕጉ ምን ይላል? ሁለት ሦስት አገር አንድ ሰው ሲፈልግ ማን ይቅደም የሚል ቁርጥ ያለ ዓለም አቀፍ ሕግ የለም። የያዘው አገር ነው የሚመዝነው፦ የትኛው ወንጀል ይከብዳል፣ የት ተፈጸመ፣ ማን ቀድሞ ጠየቀ፣ ተጎጂዎቹ የት ናቸው፣ የማን ፋይል ተሟልቷል። ከዚህ ላይ ኢትዮጵያን የሚያዳክሙ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው በሌለበት የተሰጠ ፍርድ ነው። ብዙ አገሮች «አስረክበን ስንሰጥህ እንደገና ቀርቦ የመከራከር መብት ይኖረዋል?» ብለው ዋስትና ይጠይቃሉ። ሁለተኛው የሞት ቅጣት ነው። የወንጀል ሕጋችን ስላልሰረዘው፣ የሰረዙት አገሮች «አይፈረድበትም፣ ቢፈረድበትም አይፈጸምም» የሚል የጽሑፍ ማረጋገጫ ሳያገኙ አሳልፈው አይሰጡም።

ከኪዳነ ጎን ተወልደ ጎይቶምን አስቀምጡት። እሱም ኤርትራዊ ነው፣ «ዋሊድ» ይሉታል፣ የባኒ ዋሊድ ክስ እሱም ላይ አለ። በ2020 ኢትዮጵያ ውስጥ ተያዘ፣ አዲስ አበባ ላይ ተፈረደበት፣ አላመለጠም። በጥቅምት 2022 ኢትዮጵያ ለኔዘርላንድስ አሳልፋ ሰጠችው፣ ጉዳዩም ዝቮለ ከተማ ቀረበ። የኔዘርላንድስ ዐቃቤ ሕግ የያዘው ክር የራሱ ነው፦ እዚያ የሚኖሩ ኤርትራውያን ሊቢያ ለታገቱ ዘመዶቻቸው የከፈሉት ቤዛ። ስልኩ የተደወለው፣ ገንዘቡ የወጣው በዚያ አገር ምድር ነው። ለዚያ ነው ሊቢያ ውስጥ የተፈጸመ ነገር በኔዘርላንድስ ችሎት ሊታይ የቻለው። በእኔ እይታ የሁለቱ ሰዎች ልዩነት ብዙም የሕግ አይደለም። አንዱ እጅ ውስጥ ነበረ፣ አንዱ አመለጠ።

ደላላው ኢትዮጵያዊ ቢሆንና ጅማ ቢገኝ፣ ጣሊያን ወይም ሌላ አገር ሊወስደው ይችላል?

አይችልም። የወንጀል ሕጉ (1996) አንቀጽ 21 ኢትዮጵያዊን ለውጭ አገር አሳልፎ መስጠትን ይከለክላል። ወንጀሉን ሲፈጽም ወይም ጥያቄው ሲመጣ ኢትዮጵያዊ ከነበረ በቂ ነው። ተወልደ ሊሰጥ የቻለው የውጭ ዜጋ ስለሆነ ነው።

ይህ ግን ነጻ ወጣ ማለት አይደለም። ያው አንቀጽ እዚሁ በኢትዮጵያ ፍርድ ቤት፣ በኢትዮጵያ ሕግ ይዳኛል ይላል። የፓሌርሞ ስምምነትም «ዜጋዬ ነው ብለህ ካልሰጠህ ሳታዘገይ ለራስህ ዐቃቤ ሕግ አቅርበው» ብሎ ያስገድዳል። ያኔ አቅጣጫው ይገለበጣል። ማስረጃውን የምትጠይቀው ኢትዮጵያ ትሆናለች፣ ጣሊያን የሰበሰበችውን የስልክ ጠለፋና የምስክር ቃል በሕግ ትብብር ትልካለች። ፋይሉ ሳይመጣ ከቀረ ደላላው ሂርማታ ገበያ ሲዘዋወር ታዩታላችሁ።

ልጄ ወዶ፣ ከፍሎ ነው የሄደው። ይህ ነገሩን ያበላሸዋል?

የክሱን ዓይነት ሊቀይር ይችላል። ወዶ ከፍሎ ድንበር የተሻገረ ሰው ላይ የተፈጸመው ወንጀል «በሕገወጥ መንገድ ማሻገር» ነው። ተታልሎ፣ ተገዶ ወይም ታግቶ ለብዝበዛ የተዳረገ ሰው ላይ ደግሞ «በሰው መነገድ» ነው። በእኛ አገር ሁለቱም በአዋጅ ቁጥር 1178/2012 ይሸፈናሉ። መነሻው ፈቃድ ቢሆንም መሐል መንገድ ላይ ከታገተ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። በማታለልና በማስገደድ የተገኘ ፈቃድ እንደ ፈቃድ አይቆጠርም።

ልዩነቱ ለአሳልፎ መስጠት ወሳኝ ነው። ድርጊቱ በሁለቱም አገር ወንጀል መሆን አለበት። ስሙ አንድ መሆን የለበትም፣ ድርጊቱ ነው የሚነጻጸረው። ስለዚህ ጎበዝ ዐቃቤ ሕግ «በሰው ነግዷል» ብሎ ብቻ አይጽፍም። አገተ፣ ደበደበ፣ ቤዛ ተቀበለ፣ ገንዘብ አጠበ ብሎ ይዘረዝራል። የቱም አገር እገታን ወንጀል አይደለም አይልም። በደንብ መዘርዘሩ ሌላም ጥቅም አለው። ተላልፎ የተሰጠ ሰው በጥያቄው ላይ ባልተጻፈ የቀድሞ ወንጀል፣ ያስረከበው አገር ካልፈቀደ በቀር፣ አይከሰስም። የተረሳው ነጥብ ተረስቶ ይቀራል።

ልጁ ራሱ ይከሰሳል ወይ ለሚለው፣ የማሻገር ፕሮቶኮሉ አንቀጽ 5 ስደተኛው ተሻጋሪ በመሆኑ ብቻ በወንጀል አይጠየቅም ይላል።

ከሊቢያ የተመለሰው ልጃችን ለመመስከር ኔዘርላንድስ ድረስ መሄድ አለበት?

የግድ አይደለም። ቃሉን እዚሁ ሰጥቶ በተረጋገጠ ሰነድ ሊላክ ይችላል፣ በቪዲዮም ሊመሰክር ይችላል። አንቀጽ 18 የቪዲዮ ምስክርነትን ይፈቅዳል። ከሄደ ደግሞ የጉዞ ዋስትና አለው። ከመሄዱ በፊት ለተፈጸመ ነገር እዚያ አይታሰርም፣ ምስክርነቱን ጨርሶ 15 ቀን እስኪያልፍ ይህ ጥበቃ ይቆይለታል።

ትልቁ ፍርሃት ያለው ግን እዚሁ ነው። የደላላው ወንድም ጎረቤት ሊሆን ይችላል። የምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 ማንነትን መደበቅንና መኖሪያ መቀየርን ጨምሮ እርምጃዎችን ያስቀምጣል። ጥበቃ የሚፈልግ ሰው ቃሉን ከመስጠቱ በፊት ቢጠይቅ ይመረጣል። ስሙ አንዴ ለተከሳሹ ጠበቃ በሚደርስ ሰነድ ላይ ከታተመ በኋላ መሸሸግ ይከብዳል።

የከፈልነው ገንዘብ ይመለሳል?

መንገዱ አለ፣ ጠባብ ነው። አገሮች በሕግ ትብብር የወንጀል ገንዘብን ሊያሳግዱና ሊያስወርሱ ይችላሉ። ስምምነቱ የወረሰው አገር፣ ሲጠየቅና ሕጉ በፈቀደለት መጠን፣ ገንዘቡ ለተጎጂዎች ካሣ እንዲመለስ ቅድሚያ ሰጥቶ እንዲያስብበት ይላል። ግን ሀዋላው ባንክ ውስጥ ላያልፍ ይችላል፣ የገንዘቡ ባለቤት ሆኖ የተመዘገበውም ምንም የሌለው ሰው ነው። የሚመለስ ነገር ከተገኘ የሚያገኘው ደረሰኝ ያለው ቤተሰብ ነው። ሙሉ ገንዘብ እንዲመለስ ተስፋ አድርጎ ብድር መግባት አያዋጣም።

የተሳሳተ ሰው ተይዞ ቢሰጥስ?

ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ2016 «ጄኔራሉ» የሚባል፣ መድሃኔ ይሕደጎ መረድ በሚል ስም የሚፈለግ ሰው አሻጋሪ ካርቱም ተያዘ ተባለ። በብሪታንያና በጣሊያን መርማሪዎች ትብብር ሱዳን ለጣሊያን አስረከበችው። ከአውሮፕላን ሲወርድ ፎቶው ወጣ። ተፈላጊውን የሚያውቁ ኤርትራውያን ወዲያው «ይህ እሱ አይደለም» አሉ። የተያዘው የመጀመሪያ ስሙ የተመሳሰለ ወጣት ነበር። የእናቱ ዘረመል ከእሱ ጋር ገጠመ፣ የተፈላጊው ልጅ ዘረመል ግን አልገጠመም። ያም ሆኖ የፓሌርሞ ፍርድ ቤት «የተሳሳተ ሰው ነው» ብሎ የለቀቀው በሐምሌ 2019 ነው። ሦስት ዓመት ታስሯል።

የእኛ አገር ስም አጠራር ለእንዲህ ያለ ስሕተት የተመቸ ነው። የቤተሰብ ስም የለንም፣ የአባት ስም ነው የሚከተለው፣ በላቲን ፊደል ሲጻፍም እያንዳንዱ ጸሐፊ በመሰለው ይጽፋል። ስለዚህ ምስክርነት ስትሰጡ «መሐመድ የሚባል» ብላችሁ አትቁሙ። ጠባሳውን፣ የአነጋገር ቅላጼውን፣ የት ሰፈር እንዳደገ፣ ማን እንደሚያውቀው ተናገሩ። ፎቶ ሲቀርብላችሁም እርግጠኛ ካልሆናችሁ «አላውቅም» በሉ። መርማሪው ቅር ቢለውም ግድ የለም።